አሽከርካሪው በወንጀል ነጻ ከወጣ በኋላ የሟች ቤተሰብ ካሳ መጠየቅ ይችላል?

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ ጓደኛው በሚያሽከረክረው መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ መኪናው መስመሩን ስቶ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨና ወንድሜ እዚያው ሞተ። የአሽከርካሪው ደም የተወሰደው አደጋው ከደረሰ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለነበር ፍርድ ቤቱ ጠጥቶ ማሽከርከሩ በበቂ አልተረጋገጠም ብሎ በነጻ አሰናበተው። መኪናው የሌላ ሰው ነው። መድን ድርጅቱ ‹አሽከርካሪው ነጻ ስለወጣ ካሳ የለም፤ ቢኖርም ወንድማችሁ ሰውየው መጠጣቱን እያወቀ ነው የተሳፈረው› ይለናል። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከዚህ በኋላ የሚጠይቁት ነገር አለ?»

ምላሽ፦

አዎን፣ አለ። የወንጀሉ ችሎት የወሰነው መንግሥት ይህን ሰው መቅጣት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች ያጡትን መተዳደሪያ ማን ይተካላቸው የሚለው ጥያቄ ገና ለየትኛውም ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ ስለዚህም አልተወሰነም። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ የሚለያይ በመሆኑ አብዛኞቹ የሕግ ሥርዓቶች በሚጋሩት መሠረት ላይ ሆኜ እመልሳለሁ፤ ልዩነቱ ውጤቱን በሚቀይርበት ቦታ ላይ ግን የአንዳንድ አገሮችን ሕግ በስም እጠቅሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በወንጀሉ ክስ ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለበት የመጠጥ ነገር በካሳው ክርክር ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልግም፤ አንዳንድ ጊዜም የሚጎዳው ካሳ ጠያቂውን ነው።

ዐቃቤ ሕግ ክሱን በመጠጡ ላይ የሚያቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ አገሮች አሽከርካሪ በተራ ቸልተኝነት ሰው ሲገድልና ጠጥቶ ሲገድል ቅጣቱ በእጅጉ ይራራቃል። ለምሳሌ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ሥር የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ከነዚህም አንዱ አሽከርካሪ ነው፣ በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ያው ሰው አልኮል ወይም አደንዛዥ ነገር ወስዶ ራሱን ኃላፊነት በማይሰማው ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ ከሆነ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይሆናል። አንዳንድ አገሮች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ፤ የካሊፎርኒያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1981 ሰክሮ ያሽከረከረ ሰው አደጋውን እያወቀ ለሰው ሕይወት ግድ አልሰጠም ከተባለ በነፍስ ግድያ ሊከሰስ እንደሚችል ወስኗል። እንዲህ ያለ ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ነገር ደግሞ ከባድ ማስረጃ ይጠይቃል፤ እናንተም የወደቃችሁት እዚህ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ተራውን ቸልተኝነት በአማራጭ አቅርቦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጥፋተኛ ያስብለው ነበር። ይሁንና ቢፈረድበትም እንኳ እስራቱ ለልጆቹ እንጀራ አይሆንም፤ የገንዘብ መቀጮውም ለመንግሥት እንጂ ለቤተሰቡ አይገባም።

የደሙ ምርመራ ለምን እንዳልበቃ ማወቅ ለቀጣዩ ክርክር ስለሚጠቅም በቁጥር ላሳያችሁ። የተፈቀደው ጣሪያ እንደ እንግሊዝ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮል ነው እንበል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የተወሰደው ደም ደግሞ 0.46 ግራም አሳይቷል እንበል። አልኮል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ከገባ በኋላ የአብዛኛው ሰው ሰውነት በሰዓት ከ0.10 እስከ 0.20 ግራም ያህሉን ያስወግዳል። ስለዚህ ወደ ኋላ ስናሰላ በ3 ሰዓት ውስጥ ከ0.30 እስከ 0.60 ግራም ወጥቷል ማለት ነው፤ በአደጋው ሰዓት የነበረውም ከ0.76 እስከ 1.06 ግራም ይሆናል። የግምቱ ታችኛው ጫፍ ከጣሪያው በታች፣ የቀረው ሰፊ ክፍል ግን ከጣሪያው በላይ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ተከላካይ ጠበቃው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ደንበኛዬ የመጨረሻውን ብርጭቆ የጠጣው መቼ ነው? አልኮል ከሆድ ወደ ደም እስኪገባ እንደ ሰውየውና እንደ በላው ምግብ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አሽከርካሪው የጨረሰው ከአደጋው 20 ደቂቃ ብቻ ቀድሞ ከሆነ በግጭቱ ሰዓት በደሙ ውስጥ የነበረው አልኮል ገና እየጨመረ ነበር፤ ከፊሉ ደም ውስጥ የገባው ከግጭቱ በኋላ ነው። የጀርመን ፍርድ ቤቶች ይህን ጥርጣሬ ለተከሳሽ የሚያደሉት በግልጽ ቀመር ነው። መጠጡ ካበቃ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በስሌቱ ውስጥ አይገቡም፤ ከዚያ በኋላ ለሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓትም 0.1 ብቻ ይጨመራል። በዚህ መንገድ በእናንተ ጉዳይ የሚቆጠረው ጊዜ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ብቻ ስለሚሆን ውጤቱ ወደ 0.59 ይወርዳል። ያው ደም፣ ያው ሰው፣ እንደ ስሌቱ አካሄድ ከጣሪያው በታችም ከጣሪያው በላይም ይውላል ማለት ነው። የወንጀል ዳኛ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲገጥመው የማሰናበት ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ፍርዱ ቢያማችሁም ከሕግ አንጻር የተሳሳተ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

በፍትሐ ብሔር ችሎት ግን መለኪያው ሌላ ነው። በእንግሊዝና የእርሱን ፈለግ በተከተሉ አገሮች ከሳሽ የሚጠበቅበት ነገሩ ካለመሆኑ ይልቅ የመሆኑ ዕድል እንደሚያመዝን ማሳየት ብቻ ነው። ከላይ ያየነው ስሌት አብዛኛው ክፍሉ ከጣሪያው በላይ ስለሆነ፣ የአስተናጋጁ ምስክርነት፣ አሽከርካሪው ከመኪናው ሲወርድ ያየው ሰው ቃልና መንገዱ ላይ የፍሬን ምልክት አለመኖሩ ሲታከልበት፣ በወንጀል ያልበቃው ማስረጃ እዚህ ሊበቃ ይችላል። በአህጉራዊው አውሮፓ ዳኛው በካሳ ጉዳይም ልቡ እስኪያምን ማስረጃ ስለሚጠይቅ ልዩነቱ የጠበበ ነው። እዚያም ቢሆን ካሳ ጠያቂውን የሚያድነው ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ለማስረዳት የሚገባው ነገር ራሱ መለየቱ ነው።

ለመሆኑ ነጻ መውጣቱ የካሳውን ዳኛ ያስረዋል? የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2149 የወንጀል ፍርድ ቤት ተከሳሹን ነጻ ማለቱ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚወስነውን ፍርድ ቤት እንደማያስገድደው ደንግጓል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የማስረጃ ሕግ የጥፋተኝነት ፍርድ በካሳ ክስ ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብና ያላጠፋሁ ነኝ የሚለው ሰው ተቃራኒውን እንዲያስረዳ ያደርጋል፤ ነጻ መውጣት ግን እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም። ምክንያቱም «ጥፋተኛ ነው» ማለት ተረጋገጠ ማለት ሲሆን «ነጻ ነው» ማለት ግን ብዙ ጊዜ አልተረጋገጠም ማለት ብቻ ነው። በፈረንሳይ ነገሩ ከዚህም ይቀልላል፤ የተበዳይ ቤተሰብ በወንጀሉ ችሎት የፍትሐ ብሔር ከሳሽ ሆኖ መግባት ይችላል፣ ፍርድ ቤቱም ያለ ሐሳብ በተፈጸመ ወንጀል የተከሰሰውን ሰው ነጻ ቢያሰናብት እንኳ ከተጠየቀ እዚያው በፍትሐ ብሔር ደንብ ካሳ ሊወስን ይችላል። እንግዲህ «ነጻ ስለወጣ ካሳ የለም» የሚለው የመድን ድርጅቱ መልስ በእነዚህ በሦስቱም አገሮች ሕግ ፊት አይቆምም። እንዲህ ያለውን መልስ የሚጽፍ የካሳ ክፍል ሠራተኛ ሕጉን ያጣው አይመስለኝም፤ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ደብዳቤ ተስፋ ቆርጦ እንደሚቀር ግን ሳያውቅ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የካሳ ክሱ መጀመር ያለበት ከመጠጡ ሳይሆን ከመኪናው አካሄድ ነው። ዳር ቆሞ የነበረ የጭነት መኪና ተነሥቶ ሰው አይገጭም፤ የሚሄደው መኪና መስመሩን ስቶ ከገጨው ዳኛው በተለመደው ልምድ አሽከርካሪው የሚገባውን ጥንቃቄ አላደረገም ብሎ ሊገምት ይችላል፤ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው፣ ድንገት ታምሜ ነው የሚል ማብራሪያ ካለም ማምጣት የሚገባው አሽከርካሪው ነው። በዚህ መንገድ ብትሄዱ 0.46 ይሁን 1.06 ማንም አይጠይቃችሁም። ሰክሮም ሳይሰክርም መስመር መሳት ጥፋት ነው።

ከዚህም በላይ በብዙ አገሮች የመኪናው ባለቤት ወይም ባለይዞታ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለቤቱን የሚያስጠይቀው መኪናውን ሲነዳ የነበረው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ነው። ስለዚህ አሽከርካሪውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም አንድ ላይ መክሰስ ተገቢ ነው፤ መድኑም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በእርሱ በኩል ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። አንዳንድ ሕጎች በነጻ የተሳፈረን ሰው ከዚህ ያለ ጥፋት ከሚመጣ ኃላፊነት ጥበቃ ውጭ ያደርጉታል ወይም አድርገውት ነበር፤ ጀርመን እስከ እ.ኤ.አ. 2002 ድረስ እንዲህ ነበረች። ወንድምዎ የተሳፈረው በጓደኝነት ያለ ክፍያ ስለሆነ ጠበቃችሁ የአገራችሁ ሕግ በዚህ ላይ ምን እንደሚል አስቀድሞ ያጣራ፤ ክሱንም በባለቤቱ ያለ ጥፋት ኃላፊነትና በአሽከርካሪው ጥፋት በሁለቱም ይመሥርት፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቆም። የጭነት መኪናውም ነገር አይዘንጋ። በጨለማ ያለ መብራትና ያለ አንጸባራቂ ምልክት የቆመ ከነበረ የእርሱ ባለቤትም ሦስተኛ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አገሮችም ለአንድ ጉዳት ምክንያት የሆኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው ለሙሉው ካሳ እንዲጠየቁ ያደርጋሉ።

መጠጡ እናንተን ሊጎዳ ይችላል ያልኩት መድን ድርጅቱ በሁለተኛ ደረጃ ባነሣው ነጥብ ምክንያት ነው። እያወቀ ከሰከረ ሰው ጋር የተሳፈረ ለራሱ ደኅንነት አልተጠነቀቀምና ካሳው ይቀነስ የሚለው ክርክር በብዙ ፍርድ ቤቶች ተሰሚነት አለው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1976 በተወሰነ የታወቀ ጉዳይ አብረው ሲጠጡ ካመሹ በኋላ ከአሽከርካሪው ጋር የተሳፈረ ተጎጂ ካሳው በ20 በመቶ ተቀንሶበታል። ፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በትራፊክ አደጋ የተጎዳ ተሳፋሪ ጥፋቱ ሊነሣበት የሚችለው ይቅር የማይባልና ለአደጋው ብቸኛ ምክንያት ሲሆን ብቻ ነው ስላለች እዚያ ይህ መከራከሪያ ከሞላ ጎደል ዋጋ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2005 ከፊንላንድ በመጣ ጉዳይ ተሳፋሪው አሽከርካሪው መስከሩን ማወቅ ይገባው ነበር በሚል ብቻ ከግዴታ መድን የሚገኘውን ካሳ ጭራሽ መከልከል ወይም ከልክ በላይ መቀነስ እንደማይቻል ወስኗል። ከእነዚህ የምንረዳው መከራከሪያው የሚያደርሰው ቅነሳ ድረስ መሆኑን ነው፤ መብቱን ጨርሶ አያጠፋም።

ቅነሳውንም ቢሆን የማስረዳት ሸክሙ ያለው ቅነሳውን በሚጠይቀው ወገን ላይ ነው። መድን ድርጅቱ ሁለት ነገር ማሳየት አለበት፤ አሽከርካሪው በእርግጥ ሰክሮ እንደነበርና ወንድምዎም ይህን አውቆ ወይም ማወቅ እየተገባው እንደተሳፈረ። የጻፉላችሁን ደብዳቤ እንደገና ብታነቡት በአንድ በኩል አሽከርካሪው ጠጥቶ ማሽከርከሩ አልተረጋገጠም በሚለው ፍርድ ሲመኩ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወንድማችሁ መስከሩን ያውቅ ነበር ይላሉ። ሁለቱ አብረው የሚሄዱት በጣም ጠባብ በሆነ መንገድ ነው። ስለዚህ እናንተው በክስ ማመልከቻችሁ ላይ «አሽከርካሪው ሰክሮ ነበር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ከሁለቱ አንዱን ሥራ ሠራችሁላቸው ማለት ነው። ይህ እውነትን ደብቁ ማለት አይደለም፤ ከተጠየቃችሁ የምታውቁትን መናገር አለባችሁ። ለመብታችሁ የማያስፈልገውን ነገር የማስረዳት ግዴታ ግን የለባችሁም። ወንድምዎ የት እንደተሳፈረ በጣም ይለያል። አብሮ ሲጠጣ አምሽቶ ከሆነና መንገድ ላይ ሲሄድ ተጭኖ ከሆነ አንድ አይደለም፤ 0.8 አካባቢ ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንደበቱም አረማመዱም ሳይለወጥ ሊታይ ስለሚችል፣ ከደቂቃዎች በፊት የገባ ተሳፋሪ አላወቀም ማለት እምነት የሚጣልበት ነገር ነው።

መጠጡን አጉልቶ ማንሣት የሚጠቅምበት ሁኔታም አለ። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ከጉዳቱ መተኪያ በላይ መቀጣጫ የሚሆን ተጨማሪ ካሳ ስላለ ከሳሽ ስካሩን ማስረዳት ይፈልጋል፤ በዚያው አገር ፌዴራል ሕግ ሰክሮ በማሽከርከር ሞት ወይም የአካል ጉዳት ካደረሰ የሚመጣ ዕዳ በግል ኪሳራ እንኳ አይሰረዝም። የግዴታ መድን በሚሠራባቸው ብዙ አገሮች ደግሞ የአሽከርካሪው ስካር መድን ሰጪው ለሦስተኛ ወገን እንዳይከፍል ምክንያት አይሆነውም፤ ከፍሎ የከፈለውን ለማስመለስ ወደ ራሱ ደንበኛ ይመለሳል። ጀርመን ይህን የመመለስ መብት በ5,000 ዩሮ ገድባዋለች። መድን ድርጅቱ «ሰክሮ ነበርና ውሉ አይሸፍንም» የሚል ሦስተኛ ምክንያት ካመጣ መጠየቅ ያለባችሁ ይህ አንቀጽ በእርሱና በደንበኛው መካከል ነው ወይስ በእናንተም ላይ ይሠራል የሚለውን ነው።

የካሳው መጠን በአሽከርካሪው ጥፋት ክብደት አይለካም። መለኪያው ቤተሰቡ ያጣው ነገር ነው፤ ይህም ከወንጀሉ ጋር ያለው ሌላው ትልቅ ልዩነት ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች አቆጣጠር ግልጽ ስለሆነ በእርሱ ላሳይ። ሟቹ በወር የሚያገኘው የተጣራ ገቢ 100 ነው እንበል። ሚስትና ልጆች ላሉት ሰው ለራሱ ብቻ የሚያወጣው በግምት 25 በመቶ ተደርጎ ይቀነስና 75 ለቤተሰቡ ይቀራል፤ በዓመት 900 ይሆናል። ይህ በሟቹ ቀሪ የሥራ ዓመታት በቀጥታ አይባዛም፤ ገንዘቡ አስቀድሞ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈልና ሊያፈራ ስለሚችል፣ ሰውየውም በሌላ ምክንያት ሊሞት ወይም ሥራ ሊያጣ ይችል ስለነበር ከዓመታቱ ያነሰ ማባዣ ይወሰዳል። ማባዣው 16 ቢሆን 14,400 ይመጣል። ዳኛው ወንድምዎ እያወቀ ተሳፍሯል ብሎ 20 በመቶ ቢቀንስ 2,880 ይወጣና 11,520 ይቀራል። የደኅንነት ቀበቶ አላሰረም ከተባለና ቢያስር ኖሮ አይሞትም ነበር ተብሎ ከተረጋገጠ እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ውሳኔ መሠረት የተለመደው ቅነሳ 25 በመቶ ነው። እንግዲህ ስለ መጠጡ የሚደረገው ክርክር በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል እንደሆነ አያችሁ። ለአሽከርካሪው የዓመታት እስራት ጉዳይ ነበር፤ ለልጆቹ ግን የአምስተኛ እጅ ጉዳይ ነው።

ቀብርና ሕክምና የወጣው ወጪ ከዚህ ላይ ይጨመራል። ለሐዘኑ የሚከፈለው የሕሊና ካሳ ግን በብዙ ሕግ አነስተኛና በጣሪያ የተገደበ ስለሆነ ተስፋችሁን በእርሱ ላይ አትጣሉ። ማን ይጠይቃል የሚለውም ይለያያል። በኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 2095 የሚጠቅሳቸው ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ተወላጆች ናቸው፤ ወንድምና እኅት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። እርስዎ ጉዳዩን ቢከታተሉም ክሱ መቅረብ ያለበት በሚስቱና፣ ልጆቹ ለአካለ መጠን ካልደረሱ፣ በአሳዳጊያቸው አማካይነት በልጆቹ ስም ነው።

የቀረው የጊዜና የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጥሩ ክስ የሚጠፋውም እዚሁ ላይ ነው። ቤተሰቦች የወንጀሉ ፍርድ እስኪያልቅ ሲጠብቁ የካሳው ይርጋ፣ ማለትም ክሱ መቅረብ ያለበት የጊዜ ገደብ፣ እየሄደ ይቆያል። በኢትዮጵያ መነሻው ሁለት ዓመት ነው፤ በእንግሊዝ ሦስት። አንዳንድ ሕግ፣ የኢትዮጵያውም ጭምር፣ ድርጊቱ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ ሲረዝም ረጅሙን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አሽከርካሪው ነጻ ከወጣ በኋላ «ድርጊቱ ወንጀል አይደለም» የሚል ተቃውሞ ስለሚነሣ በእርሱ መመካት አደጋ አለው። አደጋው የደረሰበትን ቀን ዛሬውኑ ቆጥራችሁ ከሁለት ዓመት የሚጎድለው ጥቂት ከሆነ ከመድን ድርጅቱ ጋር የምታደርጉትን መጻጻፍ ሳትጠብቁ ክሱን ክፈቱ፤ ደብዳቤ መለዋወጥ ብቻውን በአብዛኛው ይርጋን አያቋርጥም።

ከወንጀሉ መዝገብ የትራፊክ ፖሊሱን የአደጋ ፕላን፣ የምስክሮችን ቃል፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤትና የፍርዱን ሙሉ ግልባጭ አውጡ። ፍርዱን ስታነቡ አንድ ነገር ፈልጉ፤ ዳኛው ያለው «ቸልተኝነት አልነበረም» ነው ወይስ «ስካሩ አልተረጋገጠም»? በጥያቄው እንደገለጹት ሁለተኛው ከሆነ መስመር ስለመሳቱ ምንም አልተወሰነምና መንገዳችሁ ክፍት ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ ያለ ጥፋት ኃላፊነት ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። መድን ድርጅቱ እስከዚያው ጥቂት ገንዘብ አቅርቦ «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ሚስቱ እንድትፈርም ከጠየቀ ትቆይ። ገንዘቡ ለቀብርና ለአስቸኳይ ወጪ የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ ደረሰኙ ላይ «ከጠቅላላው ካሳ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ካልተጻፈ አትፈርም፤ በልጆቹ ድርሻ ላይ የሚደረግ ስምምነትም በብዙ አገር ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

ከአሽከርካሪው ቤተሰብ ጋር ታርቃችሁ ገንዘብ ተቀብላችሁ ከነበረም በጽሑፍ ምን እንደተባለ ለጠበቃው አሳዩት። የተቀበላችሁት ከካሳው ላይ ሊታሰብ ይችላል፤ ለአሽከርካሪው የተሰጠ ይቅርታ ግን በውሉ ላይ ባለቤቱና መድን ሰጪው ካልተጠቀሱ እነርሱን ነጻ ያወጣቸዋል ወይስ አያወጣቸውም የሚለው በአገራችሁ ሕግ የሚታይ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ክሱ ከመከፈቱ በፊትም መልስ ማግኘት አለበት።